ቀለሟ የሚያምር መኪና ተጋጭታ እንደሆነ መለየት (መልስ)

«ለ2003 ሞዴል ቪትዝ ቀብድ ልከፍል ነው። ሻጩ ተጋጭታ አታውቅም ይላል፤ ቀለሟም ያንጸባርቃል። በምን አረጋግጣለሁ?»

ኮፈኑን ያስከፍቱና ፓራፋንጎዎቹን የያዙትን ብሎኖች ይመልከቱ፤ ቁልፍ የነካው ብሎን ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ይታያል። ይህ ብቻውን ከባድ ግጭት ነበረ አያሰኝም፤ ቀላል ጭረትም ፓራፋንጎ ያስፈታል።

ወሳኙ ማስረጃ ከሞተሩ ግራና ቀኝ ወደ ፊት የሚዘረጉት ሁለት የሻንሲ ብረቶች ናቸው። ሁለቱን እያነጻጸሩ ይዩ፤ የፋብሪካ ብየዳ ተራርቀው የተደረደሩ ትናንሽ ክብ ምልክቶችን ሲተው፣ የጋራዥ ብየዳ ግን ብዙውን ጊዜ የተጎረበጠ መስመር ይሆናል ወይም ተፍቆ በቀለም ይሸፈናል። ከዚያ መኪናዋን ፎሳ ላይ አስወጥተው እነዚያኑ ብረቶች ከሥር ይመርምሩ፤ የተጨማደደና ተመልሶ የተቀጠቀጠ ብረት እጥፋቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ለበሮቹና ለኋላ ጎኖቹ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይበቃል፤ ወፍራም ስቱኮ ባለበት ቦታ መያዙ ይላላል። ፕላስቲክ የሆነውን መከላከያ ግን በዚህ መንገድ መፈተን አይቻልም።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ የገዛሁት መኪና ከሥሩ በአንድ ወገን ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ሻጩ ለዝገት ነው ሲለኝ አመንኩት። በጥቂት ወራት ውስጥ የዚያው ወገን የፊት ጎማ ከውስጥ በኩል ተበልቶ አለቀ፤ የጎማ አቅጣጫ የሚያስተካክለው ባለሙያም የእግሩ መያዣ ከቦታው ስለተዛነፈ ሊስተካከል እንደማይችል ነገረኝ። እንዲህ ያለ ቀለም ካዩ፣ ቀብዱን ከመክፈልዎ በፊት በሻጩ ፈቃድ ጥቂት ያስፍቁት፤ ፈቃደኛ ካልሆነ ግን መኪናዋን ይተዉዋት።