ሰንጠረዡ ላይ ያለችውን ዜሮ እንዳትዘሏት

«ሰላም የግሩፑ ቤተሰቦች። ልጄ 8ኛ ክፍል ነው። የስታቲስቲክስ ዎርክሺቱ ላይ ትንሽ ሰንጠረዥ ተሰጥቶ ሚን፣ ሚድያንና ሞድ አውጡ ይላል። ግን ከቁጥሮቹ ስር ‹የተማሪዎች ብዛት› የሚል ሌላ ረድፍ አለ። የቱን ነው የምንደምረው? በስንትስ ነው የምናካፍለው? ነገ ያስረክባል፣ እባካችሁ።»

እህቴ፣ እኛ ቤት ባለፈው ዓመት በዚህ ጉዳይ ብዙ ተለፍቷል። ስለዚህ ረጋ ብለሽ አንብቢው፤ ልጅሽም አጠገብሽ ቁጭ ይበል። ሚን ምንድን ነው፣ ሚድያን ምንድን ነው እያልኩ አላደክምሽም፤ ትርጉሙ ደብተሩ ላይ አለ። ልጆቹን የሚጥላቸው የሰንጠረዡ አነባበብ ነው።

የልጄ ዎርክሺት ላይ የነበረው ይሄ ነው። ያንተም ልጅ ያንቺም ልጅ የሚሰጠው ያው ነው፤ ቁጥሩ ቢለያይ አሠራሩ አይለወጥም።

የእህትና ወንድም ብዛት፦ 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5
የተማሪዎች ብዛት፦ 3፣ 7፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1

1. መጀመሪያ ሰንጠረዡን ዘርግታችሁ ጻፉት። ከላይ ያለው ረድፍ መልሱ ነው። ከታች ያለው ያንን መልስ ስንት ልጅ እንደሰጠ ይናገራል። ሦስት ልጆች እህትም ወንድምም የላቸውም። ሰባት ልጆች አንድ አንድ አላቸው። አራት ልጆች ሁለት ሁለት አላቸው። እንዲህ እያላችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ። የታችኛውን ረድፍ ስትደምሩት 20 ይመጣል። የተጠየቁት ልጆች 20 ናቸው፤ የሰጧቸው መልሶችም 20 ናቸው ማለት ነው። ከዚያ በአንድ መስመር ዘርጉት፦

0, 0, 0, 1, 1, 1, 1, 1, 1, 1, 2, 2, 2, 2, 3, 3, 3, 4, 4, 5

ልጆች ይሄን መጻፍ ይሰለቻቸዋል። ግድ የለም፣ ይጻፈው። ሰንጠረዡ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አይፈጅበትም። ሦስቱም መልሶች ያሉት እዚህች መስመር ላይ ነው። በኋላ ክርክር ቢነሳም የምትይዙት ማስረጃ እሷው ናት።

2. ሚን። የላይኛውን በታችኛው እያባዛችሁ ደምሩ፤ ከዚያ ለጠቅላላው ልጅ አካፍሉ።

0×3 + 1×7 + 2×4 + 3×3 + 4×2 + 5×1 = 37
37 ÷ 20 = 1.85

በካልኩሌተር ከሆነ ተጠንቀቁ። ተራው የሱቅ ካልኩሌተር የነገሩትን በተራ በተራ ነው የሚሠራው፤ ማባዛቱን አያስቀድምም። 1×7+2×4 ብትሉት መልሱ 15 መሆን ሲገባው 36 ይላችኋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ብዜት ለብቻው ሠርታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ መደመሩ በኋላ ይመጣል።

ልጆች እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራሉ። አንዳንዱ የታችኛውን ረድፍ ጭራሽ ይረሳና 0+1+2+3+4+5 ብሎ 15 ያገኛል፤ ለ6 አካፍሎ 2.5 ይላል። ሌላው 37ን በትክክል ያወጣና በመጨረሻ ለ6 ያካፍላል፤ ምክንያቱም ሰንጠረዡ ላይ የሚታየው ስድስት ሳጥን ነው። 6.17 ይመጣበታል። ይሄኛው ወዲያው ይታወቃል። ከ20ው ልጆች ብዙ ያለው አምስት ነው፤ እንዴት አድርጎ አማካዩ ከስድስት ይበልጣል? ሚን ከትንሹ ቁጥር በታች፣ ከትልቁም በላይ ሊሆን አይችልም። 2.5 ግን ተደብቆ ያልፋል፤ ሲያዩት ትክክል ይመስላል።

ከሁለቱ የባሰ ሦስተኛ ስህተት አለ። እኛን ያንገበገበን እሱ ነው።

ልጄ 1.85 ብላ ጽፋ አስረከበች። ወረቀቱ ሲመለስ በቀይ ተሰርዞ 2.18 ተብሎ ተጽፎበታል። ሚድያኑም ተሰርዟል። ከሦስት ነጥብ አንድ ብቻ ሰጧት። ልጅቷ ሒሳብ የምትወድ ልጅ ናት፤ ማታውን እራት አልበላችም። 2.18 ከየት መጣ? ቁጭ ብዬ ስፈልገው ተገኘ፤ 37 ÷ 17 ነው። የመልስ ቁልፉን ያዘጋጀው ሰው የዜሮዋን ሳጥን ትቷታል። ሦስቱን ልጆች ከክፍሉ አውጥቶ 17 አድርጎ ነው ያካፈለው።

ለምን እንደሚሳሳቱ ይገባኛል። 0×3 ዜሮ ነው። ድምሩ ላይ ምንም አትጨምርም። ስለዚህ ሰው ‹የለችም› ብሎ ይዘላታል። ነገር ግን እነዚያ ሦስት ልጆች ተጠይቀዋል፤ መልስም ሰጥተዋል። መልሳቸው ‹ምንም የለኝም› ነው። 37ቱ እህትና ወንድም ለሁሉም እኩል ይዳረስ ቢባል ድርሻ የሚወስዱት 20 ልጆች ናቸው። ዜሮዋ የሚካፈለውን 37 አትነካውም፤ የምናካፍልበትን 20 ግን ትነካዋለች።

እህቴ፣ ይሄን ለልጅሽ አስረግጠሽ ንገሪው፦ ዜሮ በላይኛው ረድፍ ከሆነች ትቆጠራለች። በታችኛው ረድፍ ከሆነች ግን ያንን መልስ የሰጠ ሰው የለም ማለት ነው፤ ያኔ ያ ሳጥን ቢዘለልም ለውጥ አያመጣም። ከ4 ስር 0 ቢኖር ኖሮ፣ ዘርግታችሁ ስትጽፉ 4 የሚባል ቁጥር አይኖርም ነበር።

3. ሚድያን። የዜሮዋ ጉዳት እዚህም ይታያል። 20 ቁጥር ስለሆነ መሐሉ ላይ ሁለት ሰዎች አሉ፤ 10ኛውና 11ኛው። ከታችኛው ረድፍ እየደመራችሁ ሂዱ፦ 3፣ ከዚያ 3+7=10። 10ኛው ልጅ ‹1› ካሉት የመጨረሻው ነው። 11ኛው ‹2› ካሉት የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ (1+2)÷2 = 1.5። የተዘረጋው መስመር ላይ በጣት ብትቆጥሩም ያው ነው።

ዜሮዎቹ ሲወጡ ግን 17 ይቀራል። መሐሉ 9ኛው ይሆናል፤ እሱ ደግሞ 2 ነው። ቁልፉ ላይ ሚድያን 2 የተባለው በዚህ ነው። ሦስት ልጆችን ከዳር ስታነሺ መሐሉ ይሸሻል። ሞድ ግን 1 እንደሆነ ስለሚቀር ልጄ ያገኘችው አንድ ነጥብ ከዚያ ነው።

ልጆች ደግሞ እዚህ ላይ (20+1)÷2 = 10.5 ይሉና ሚድያኑ 10.5 ነው ብለው ይጽፋሉ። 10.5 ቦታው ነው፤ በ10ኛውና በ11ኛው መካከል ቁም ማለቱ ነው። መልሱ እዚያ ቦታ ላይ የሚገኘው ቁጥር ነው። የልጆቹ ቁጥር ጎዶሎ ቢሆን፣ ለምሳሌ 21፣ አንድ ሰው ብቻ መሐል ላይ ይቆማል፤ 11ኛው።

እና ወረቀቱን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቢሮ ያገኘሁት ሰው ወረቀቱን አላየውም። ‹ውጤት ሮስተር ላይ ከገባ አይነካም› አለኝ። እኔ እኮ ልመና አልመጣሁም፤ 3፣ 7፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1 ደምረው ስንት እንደሚሆን ይንገሩኝ ነው ያልኩት። ‹መልሱ ከተዘጋጀው ቁልፍ ነው፣ ወላጅ ሁሉ እየመጣ ቢያስተምረን እንዴት ይሆናል› ብሎ ወደ ስልኩ ዞረ። አንድ ነጥብም ሁለት ነጥብም ተከታታይ ምዘና ውስጥ የሚገባ ውጤት ነው። ከሁሉም በላይ ልጅቷ ትክክል ሠርታ ተሳስተሻል መባሏ ነው ያመመኝ። በሚቀጥለው ፈተና ዜሮን እያየች ብትዘልስ?

መጨረሻ ላይ የረዳን ያቺ የተዘረጋች መስመር ናት። የሒሳብ ክፍሉን ኃላፊ በእረፍት ሰዓት ጠብቄ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ምንም አልተናገርኩም። እሳቸውም በእስክሪብቶ ጫፍ ከዜሮዎቹ ጀምረው እስከ 5 ቆጠሩ፤ ሃያ። ከዚያ ከሰንጠረዡ ጋር አስተያዩት። ‹ልጅቷ ትክክል ናት› አሉ። እዚያው አረሙላት። የክፍሉን ወረቀት በሙሉም መልሰው እንዲሰበሰብ አደረጉ፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ከቢሮው ሰው ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ የሚባል ነገር አልሰማሁም።

ልጄ ደግሞ በራሷ አንድ ማረጋገጫ ሠርታ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፋ ነበር። ኩራት ይሰማኛል፣ እነግርሻለሁ። ሚኑ ትክክል ከሆነ ከሱ በታች ያሉት የሚጎድሉት ከሱ በላይ ያሉት ከሚተርፉት ጋር እኩል ነው። 1.85ን ያዢ። ዜሮዎቹ 3×1.85 = 5.55 ይጎድላቸዋል፤ አንዶቹ 7×0.85 = 5.95። አንድ ላይ 11.50። በላይ በኩል ደግሞ 4×0.15 = 0.60፣ 3×1.15 = 3.45፣ 2×2.15 = 4.30፣ 1×3.15 = 3.15። ድምሩ 11.50። ገጠመ። በ2.18 ወይም በ2.5 ብትሞክሪው አይገጥምም። ተደብቆ ያለፈው 2.5 የሚያዘው በዚህ ነው።

4. ሞድ ቀላሉ ነው፤ ግን ከታችኛው ረድፍ ትልቁን ፈልጉ፣ ከዚያ ከላዩ ያለውን ጻፉ። ትልቁ 7 ነው፤ ሞዱ ግን 1 ነው። 7 ብሎ የሚጽፍ ልጅ ብዙ ነው። አንዳንዱም የታችኛው ረድፍ ላይ 3 ሁለቴ ስላለ ‹ሞዱ 3 ነው› ይላል። የታችኛው ረድፍ የልጆቹ ቆጠራ ነው፤ ሞድ የሚመጣው ከመልሶቹ ነው። ሁለት ሳጥኖች እኩል ትልቅ ቢሆኑ ሁለቱንም ይጽፋል።

አንድ ነገር ግን ተመልከቺልኝ። የላይኛው ረድፍ 0–4፣ 5–9 እያለ በክልል የተሰጠ ከሆነ ይሄ አሠራር እንዳለ አይሠራም። ያኔ የእያንዳንዱ ክልል መሐል ቁጥር ተወስዶ ነው የሚባዛው፤ ሚኑም ግምት ነው የሚሆነው፤ ዘርግቶ መጻፍም አይቻልም። እንደዚያ ከሆነ ሰንጠረዡን እዚህ ለጥፊው፣ ማታ አየዋለሁ። ነጠላ ቁጥር ከሆነ ግን አሁኑኑ ይጀምር። የተዘረጋችውን መስመር እዚያው መልሱ ወረቀት ላይ ይጻፋት፤ ከማስረከቡ በፊትም በስልክሽ ፎቶ አንሺው።