አለቃችሁ ሪፖርታችሁን የማያነበው ለምንድን ነው?

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት መሐንዲስ ደውላ፣ «ጋሼ፣ በየሳምንቱ አርብ ሪፖርት እልካለሁ፤ ሰኞ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ እዛው የጻፍኩትን ነገር መልሰው ይጠይቁኛል። ምን ላድርግ?» አለችኝ። ላኪልኝ አልኳት። ስድስት ገጽ ነው። ቆንጆ ነው፤ ሰንጠረዥ አለው፣ ፎቶ አለው፣ የድርጅቱ አርማ በየገጹ አለ። የናንተ ትውልድ ማሳመር ይችልበታል፣ ይሄን አልክድም። እኔ ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሐሳቤ ወደ ድሮ ሄደ።

ያኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሥራዬ ከየፕሮጀክቱ የሚመጣውን ሳምንታዊ ሪፖርት አሰባስቦ ወደ ላይ ማድረስ ነው። ከፕሮጀክቶቹ አንዱ የአንዲት ከተማ የመጠጥ ውሃ ነበር። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ የመስመሩ ቧንቧ ተቀብሯል፣ ጋኑ እየተገነባ ነው። የቀረው ፓምፑ ነበር። እሱ ደግሞ ከውጭ በኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለአቅራቢው ክፍያውን በሚያረጋግጥበት ሰነድ፣ የሚገባ ነው። ዶላር እንደ ብርቅ የሚጠበቅበት ጊዜ ስለነበር ያንን ኤልሲ ለማስከፈት የታየውን አበሳ አሁን ባወራው አታምኑኝም።

የሳይቱ መሐንዲስ ጠንቃቃ ሰው ነበር። አቅራቢው እንደሚዘገይ የነገረው ዕለት መዝግቧል፣ ሪፖርቱም ውስጥ አስገብቶታል። የት? አራተኛው ገጽ ላይ፣ «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ሥር፣ ከሲሚንቶ እጥረትና ከመኪና ጎማ በኋላ። አጻጻፉ እንዲህ ነበር፦ «ከፓምፕ አቅራቢው በኩል መጠነኛ መዘግየት የታየ ሲሆን፣ ኤልሲው እስከ መጋቢት መጨረሻ ስለሚቆይ አስፈላጊው ክትትል እየተደረገ ይገኛል።»

እስቲ ይህችን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቧት። ውሸት የለባትም። ግን ማን ምን ማድረግ እንዳለበት አትናገርም። «መጠነኛ» ስንት ቀን ነው? «ክትትል» የሚያደርገው ማነው? ከሁሉ የባሰችው ደግሞ «መጋቢት መጨረሻ» የምትለዋ ናት። የባንክ ወረቀት የሚጻፈው በፈረንጅ ቀን ነው። ኤልሲው የሚያበቃው ማርች 31 ነበር። ማርች 31 ማለት መጋቢት 22 ነው፤ መጋቢት 30 አይደለም። መሐንዲሱ «የማርች መጨረሻ» ለማለት ፈልጎ ነው። አለቃው ደግሞ መጋቢትን መጋቢት ብለው አነበቡት።

አለቃው ሰነፍ አልነበሩም። ጸሐፊያቸው፣ እግዜር ይስጣትና፣ ለኛ ለጀማሪዎቹ ብዙ ነገር የምታስተምር ሴት ነበረች። የማን ፋይል ከላይ እንደሚቀመጥ የምትወስነው እሷ ናት፤ ቡናም የምታፈላው ለወደደችው ሰው ነው። «እሳቸው እኮ መኪና ውስጥ ነው የሚያነቡት፤ ከአንደኛው ገጽ አያልፉም» ትለን ነበር። አንደኛው ገጽ ላይ የነበረው «አጠቃላይ አፈጻጸም 68 በመቶ» የሚል ነው። 68 በመቶ ደህና ነው። ማን ይደነግጣል?

ጉዳዩ የተነሳው መጋቢት 25 በሌላ ስብሰባ መሀል ነው። አለቃው አምስት ቀን አለን ብለው የማራዘሚያውን ደብዳቤ እዚያው ፈረሙ። ባንኩ፣ ጊዜው ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖታል፣ እንደ አዲስ ጠይቁ አለ። እንደገና ወረፋ። ፓምፑ የደረሰው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። ያቺ ከተማ ውሃ የሚቸግራት ደግሞ ከክረምት በፊት ነበር። ይሄ ዛሬም ይቆጨኛል። ምክንያቱም መረጃው ነበር። ወረቀቱ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ በእጄ ላለፉ ሪፖርቶች ሁሉ የያዝኩት አንድ ልማድ አለ፤ ውሳኔውን ከላይ ማውጣት። ያንን የፓምፕ ሪፖርት ዛሬ ብጽፈው እንዲህ አደርገዋለሁ፦

«የውሃ ፕሮጀክት፦ ቀይ። ውሃ የሚለቀቅበት ቀን ከግንቦት 15 ወደ ሰኔ 6 ተገፍቷል፤ ምክንያቱ ፓምፑ ነው።

ከእርስዎ የሚፈለግ፦ የኤልሲ ማራዘሚያ ደብዳቤ (ተያይዟል) እስከ መጋቢት 10 እንዲፈረም። ኤልሲው የሚያበቃው መጋቢት 22 (ማርች 31) ነው፤ አቅራቢው የሚጭነው ሚያዝያ 13 (ኤፕሪል 21)። እስከ ግንቦት 7 (ሜይ 15) እንዲራዘም እንጠይቃለን። ካልተራዘመ አቅራቢው አይጭንም፣ ዶላሩንም እንደ አዲስ እንጠይቃለን።

ከባለፈው ሳምንት የተለወጠ፦ የጋኑ ጣሪያ ኮንክሪት ተሞልቷል። ቧንቧ መቅበር አልቋል።

ስጋት፦ ጋኑ ውሃ ተሞልቶ ሲፈተሽ ካፈሰሰ አሥር ቀን ይጨምራል። ፍተሻው ሚያዝያ 1 ይጀመራል፤ ኃላፊው የሳይት መሐንዲሱ ነው።»

አለቀ። መኪናው ቀይ መብራት ላይ ቆሞ እያለ ይነበባል። ሲሚንቶው፣ ጎማው፣ ፎቶው፣ ሰንጠረዡ ከኋላ ይያያዝ፤ የፈለገ ይከፍተዋል። የውሳኔው መስመር ላይ አራት ነገር እንዳለ ልብ በሉ፦ ምን እንደሚደረግ፣ በማን፣ እስከ መቼ፣ ካልተደረገስ ምን እንደሚመጣ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ አለቃው መልሶ ይጠይቃል፤ ሰኞ የሚጠይቃችሁም ለዚህ ነው። ፊርማ የሚፈልግ ነገር ካለ ደብዳቤውን አዘጋጅታችሁ አያይዙት። «ይወሰንልን» ብሎ ባዶ እጅ መላክ ሥራውን ለአለቃ ማሸከም ነው።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ልበል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ማለት ምን እንደሆነ ሥራው ሲጀመር ተስማሙ። እኔ ዘንድ አረንጓዴ ማለት ቀኑም ገንዘቡም አልተነካም ነው። ቢጫ ማለት ተነክቷል፣ ግን በራሴ ሥልጣን አስተካክለዋለሁ። ቀይ ማለት ከኔ በላይ ነው። ይህ ካልተባለ ቢጫ የፈሪ ቀለም ይሆናል፤ ፕሮጀክቱ እስከ መጨረሻው ቢጫ ይቆይና አንድ ቀን ይወድቃል። ተከታታይ ስድስት ሳምንት ቢጫ የሆነ ፕሮጀክት ካያችሁ፣ ወይ አረንጓዴ ነው ወይ ቀይ።

በመቶኛውንም ቀንሱት። 68 በመቶ የተሠራው ነው ወይስ የተከፈለው? ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ተቋራጩ ቅድሚያ ክፍያ ወስዶ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይገናኙም። «የጋኑ ጣሪያ ኮንክሪት ተሞልቷል» የሚለው ከየትኛውም በመቶኛ ይሻላል። «ስብሰባ ተደርጓል፣ ደብዳቤ ተጽፏል» የሚሉትንም አውጧቸው፤ እነሱ ልፋታችሁን እንጂ ሥራው የት እንደደረሰ አያሳዩም።

ሪፖርቱ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ እላለሁ። ግን አንድ ዋና ዳይሬክተር ነበሩ፣ ግማሽ ገጹን አይተው «ሌላውን የት ደበቅከው?» ያሉኝ። ለሳቸው ሁለት ገጽ መጻፍ ነበረብኝ። አለቃችሁን እወቁ። ደግሞም ቀዩ ነገር መጀመሪያ የሚሰማው ከሪፖርቱ መሆን የለበትም። ስልክ ደውሉ። እናንተ ቴሌግራም ላይ መጻፍ ይቀላችኋል፣ መደወል ትፈራላችሁ፤ ይሄን የምለው ልወቅሳችሁ አይደለም፣ ልጆቼም እንደዚያው ናቸው። ሪፖርቱ የሚጻፈው የተደወለው እንዳይረሳ ነው።

ውሳኔው በሳምንቱ ካልመጣ ያንን መስመር ወደ ታች አታውርዱት፣ አታለስልሱትም። እዚያው ከላይ ይቆይ፤ «ለሁለተኛ ሳምንት የቀረበ» ብላችሁ ጨምሩበት፣ የቀረውንም ቀን ጻፉ።