አንድ ስላይድ፣ አንድ ፎርሙላ፦ የፊዚክስ ክለሳ ጥያቄና መልስ

ተማሪ፦ መምህር፣ ለ12ኛ ክፍል ክለሳ v² = u² + 2as ን ስላይድ ላይ እየሠራሁ ነው። ምን ምን ይግባበት?

መምህር፦ ከላይ ፎርሙላው ብቻውን፣ በትልቁ። ከሥሩ መቼ እንደሚያገለግል በአንድ መስመር፦ «ጊዜ ካልተሰጠና ካልተጠየቀ፣ አክስለሬሽኑም ካልተለዋወጠ»። ብዙዎቻችሁ ይህቺን መስመር ትዘሏታላችሁ። ከዚያ ፎርሙላውን የሸመደደ ተማሪ መቼ እንደሚያወጣው ይጠፋበታል። ቀጥሎ ምሳሌው፦ በ72 km/h የሚሄድ መኪና ፍሬን ያዘ፤ አክስለሬሽኑ −5 m/s² ነው፤ ስንት ሜትር ሄዶ ይቆማል? መጀመሪያ አሃዱ፦ 72 ለ3.6 ሲካፈል 20 m/s።

```
0 = 20² + 2(−5)s
10s = 400
s = 40 m
```

ቁጥሮቹን በጭንቅላት የሚሠሩ አድርጋቸው። ስሌቱ ከሦስት መስመር ካለፈ ምሳሌው በዝቷል።

ሌላ ተማሪ፦ እኔ 518.4 ሜትር ነው ያገኘሁት። በትክክል ነው ያስገባሁት እኮ!

መምህር፦ 72ን ሳትቀይር ነው ያስገባኸው። 72 × 72 = 5184፣ ለ10 ሲካፈል 518.4። ፈታኝም ይህን ስለሚያውቅ ከምርጫዎቹ መሃል ሊያስቀምጥልህ ይችላል። ፍሬን ይዞ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚሄድ የቤት መኪና ሲገጥምህ ተጠራጠር። አሃድ መጀመሪያ!

ተማሪ፦ ኔጌቲቩን ትቼ ብሠራ −40 ይመጣል። መጨረሻ ላይ ምልክቱን ባጠፋውስ? ያው ነው።

መምህር፦ ርቀት ሲጠየቅ ያድንሻል። «ከ30 ሜትር በኋላ ፍጥነቱ ስንት ነው?» ሲባል ግን አያድንሽም። ትክክለኛው 400 − 300 = 100፣ ስለዚህ 10 m/s። ምልክቱን ከተውሽው 400 + 300 = 700፣ ማለትም ከ26 m/s በላይ። ፍሬን ይዞ ፈጠነ ማለት ነው። −5ን ስላይዱ ላይ በሌላ ቀለም ጻፊው።

ወላጅ፦ ልጄ መንጃ ፈቃድ ሊፈተን ነው፤ 40 ሜትር ብሎ ይመልስ?

መምህር፦ አይ፣ እርስዎ፣ ይሄ የፊዚክስ ነው። ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ የሚሄደው አልተቆጠረም፤ አንድ ሰከንድ ቢዘገይ ብቻ 20 ሜትር ይጨመራል።

ሌላ መምህር፦ እኔ አንድ ፎርሙላ በአንድ ስላይድ አልስማማበትም። ፈተናው መምረጥ ነው፤ ሦስቱም የእንቅስቃሴ ፎርሙላዎች አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጡ።

ተማሪ፦ ጋሼ፣ በስልክ ማን ያነበዋል?

ሌላ መምህር፦ ስልኩን አግድም ያዙታ።

መምህር፦ መምረጡ ልክ ነህ። ግን እኔ መጨረሻ ላይ ፎርሙላ የሌለው፣ ጥያቄ ብቻ ያለው ስላይድ እጨምራለሁ እንጂ አላጭቃቸውም።

ሌላ መምህር፦ ያኔ ዘግይቷል።

ተማሪ፦ ፊዚክስ ከብዶኛል፣ ምን ላድርግ?

መምህር፦ የትኛው ጥያቄ? ቁጥሩን ይዘህ ና።

ተማሪ፦ የባዮሎጂም ይሠሩልናል?

መምህር፦ የባዮሎጂ መምህራችሁን ጠይቁ።

ተማሪ፦ ይቅርታ፣ 72 እንዴት 20 ሆነ?

መምህር፦ ከላይ አለ! 72,000 ሜትር ለ3,600 ሰከንድ። አካፍለው።