ከፕሮፌሰሩ ሥራ ጋር መገናኛው የት ነው?

«የማስተርስ ጥናቴን ጨርሻለሁ። ለዶክትሬት ሳመለክት ከአንድ ፕሮፌሰር ሥራ ጋር ላገናኘው ብፈልግም የምጽፈው ሁሉ ውዳሴ ይሆንብኛል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። የማስተርስ ጥናቴን የሠራሁት ከደምበጫ ብዙ በማይርቅ አንድ አነስተኛ ተፋሰስ ላይ ነበር። ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከወንዙ በአንድ ሊትር ጠርሙስ ውሃ እየቀዳሁ፣ ደለሉን አጣርቼ፣ በ105 ዲግሪ አድርቄ እመዝን ነበር። አብሬያቸው ዶክትሬት ልሠራ ለፈለግሁት ፕሮፌሰር በላክሁት የመጀመሪያ ደብዳቤ ግን ይህ ሁሉ ድካም በአንድ መስመር አለፈ። ቀሪው «በአፈር መሸርሸር ላይ ያበረከቱት ታላቅ ሥራ እጅግ ይማርከኛል» የሚል ነበር። መልስ አልመጣም። ቆይቼ ሳነበው፣ የእሳቸውን ስም አውጥቼ የሌላ ሰው ባስገባበት ደብዳቤው ምንም አይጎድልበትም ነበር።

ከዚያ በኋላ በቅርብ ዓመታት ካወጧቸው ጽሑፎች ሁለቱን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። አመራረጡ ላይ ተጠንቀቂ፤ የአሥር ዓመት ሥራ ከሆነ ዛሬ ትተውት ሊሆን ይችላል። መግቢያውንና መደምደሚያውን ብቻ ማንበብም አይበቃም። እኔ የፈለግሁትን ያገኘሁት ዘዴው በተገለጸበት ክፍል ነው። ወንዙ የሚያወርደውን ደለል የሚያሰሉት ከውሃው ፍሰት ተነሥተው፣ ለክረምቱ በሙሉ በአንድ ቀመር ነበር። የእኔ መዝገብ ደግሞ ተመሳሳይ ፍሰት በሐምሌ መጀመሪያ ከመስከረሙ እጅግ የበዛ ደለል ይዞ እንደሚወርድ ያሳያል። ምክንያቱ ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም። በሐምሌ የጤፍ ማሳ ተደጋግሞ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ራቁቱን ነው፤ በመስከረም ሰብሉ መሬቱን ሸፍኖታል።

ይህን ካየሁ በኋላ አንቀጹን እንዲህ ጻፍኩት፦

«በሁለት ክረምት በሰበሰብኩት መረጃ፣ ተመሳሳይ ፍሰት በሐምሌ የሚያወርደው ደለል ከመስከረሙ ይበልጣል። እርስዎ በቅርቡ ባወጡት ሥራ ለክረምቱ በሙሉ አንድ ቀመር ተጠቅመዋል። ቀመሩን በእርሻ ወቅቶች ከፍሎ ማስላት ውጤቱን ምን ያህል እንደሚለውጠው መመርመር እፈልጋለሁ። የእኔ መረጃ ከአንድ ተፋሰስ ብቻ ስለሆነ፣ እርስዎ ለዓመታት የተከታተሏቸው ተፋሰሶች ለዚህ ጥያቄ ያስፈልጉኛል።»

አንድም የሙገሳ ቃል የለበትም፤ እንደ ተሳሳቱም አይነግራቸውም። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ግን ለምን ወደ እሳቸው እንደምሄድ ይናገራል፤ ለሌላ ሰው ልላከው ብል አይሆንም። በዚህኛው መልስ አገኘሁ።

ያልሠራሽውን ደግሞ አትጻፊ። ፍሰቱን ይለካ የነበረው ጓደኛዬ ስለነበር «ለካሁ» አላልኩም፤ ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ፍሰት መለኪያው ሆነና ይህ ጠቀመኝ።

የምታመለክቺበት ፕሮግራም ተማሪ የሚቀበለው በፕሮፌሰሩ ፈቃድ ነው ወይስ በኮሚቴ? በኮሚቴ ከሆነ ማመልከቻሽን የሚያነቡት ሌሎችም ስለሆኑ፣ እንደ ቀመሩ ያለውን ነገር የሌላ ዘርፍ ሰው በሚገባው ቃል አብራሪው፤ ጥያቄሽ የሚነካው ሁለተኛ ፕሮፌሰር ካለም በዚሁ መንገድ ጥቀሺ።