«አረጋግጡልኝ» ከማለት በፊት

ጥያቄ፦ አክሲዮኑ በገበያ ለሚሸጥ ኩባንያ የባለሀብቶች ግንኙነት ክፍል ኢሜይል ልልክ ነው። «የድርጅታችሁን የባለቤትነት መዋቅርና የምሥረታ ዓመት እንድታረጋግጡልኝ በትህትና እጠይቃለሁ» ብዬ ጽፌያለሁ። አማርኛው ልክ ነው?

መልስ፦ ሰዋስዉ ልክ ነው። «እንድታረጋግጡልኝ» ማለትህም ክፍሉን በብዙ ቁጥር ስለጠራህ ችግር የለውም። ለአንድ ሰው በስሙ ከሆነ የምትጽፈው ግን ከላይ እስከ ታች «እንዲያረጋግጡልኝ» በል፤ ሁለቱን አትቀላቅል።

ችግሩ ሌላ ነው። የሚረጋገጥ ነገር አስቀድሞ የተባለ መሆን አለበት። አንተ ግን ምን እንደያዝክ አልነገርካቸውም። እንዲህ ሲጻፍላቸው ብዙ ጊዜ የሚመልሱት «ዓመታዊ ሪፖርታችንን ይመልከቱ» ብለው ነው። ስለዚህ ያገኘኸውንና ያገኘህበትን ቦታ አስቀድም።

ከዓመቱ እንጀምር። «የተመሠረተበት» ስትል ሥራ የጀመረበትን ነው ወይስ በሕግ የተቋቋመበትን? ድርጅቶች ሲዋሐዱ ወይም ወደ አክሲዮን ማኅበር ሲለወጡ ሁለቱ በብዙ ዓመት ሊራራቁ ይችላሉ። «የተመዘገበበት» ካልክማ ይብሳል፤ የንግድ ምዝገባም ሊሆን ይችላል፣ አክሲዮን ገበያ የገባበትም። የዘመን አቆጣጠሩንም አትዝለል። 1998 ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. 1998 በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያያሉ፤ ምልክቱን ካላስቀመጥክ አንባቢው ይገምታል። ድርጅቱ በሁለት ቦታ ሁለት የተለያየ ዓመት ጽፏል እንበል፤ ያኔ ኢሜይልህ ይህን ይመስላል፦

«ድረ ገጻችሁ ኩባንያው በ1998 ዓ.ም. ተመሠረተ ይላል። ዓመታዊ ሪፖርታችሁ ደግሞ 2001 ዓ.ም. ይላል። የመጀመሪያው ሥራ የተጀመረበት፣ ሁለተኛው ኩባንያው በሕግ የተቋቋመበት ዓመት ይመስለኛል። ልክ ከሆነ አረጋግጡልኝ፤ ካልሆነ አርሙኝ።»

ይህን ያነበበ ሠራተኛ በአንድ መስመር ይመልስልሃል።

ባለቤትነቱ ትንሽ ከበድ ይላል። አክሲዮኑ በየቀኑ እየተሸጠ «ባለቤቶቹ እነማን ናቸው?» የሚለው ጥያቄ ቀን ካልተቆረጠለት መልስ የለውም። «በሰኔ 30 ቀን በነበረው የባለአክሲዮኖች መዝገብ መሠረት» በል፤ ዓመቱንም ጨምር። ሌላው ደግሞ መዝገቡ ላይ የሚታየው ስም ብዙ ጊዜ አክሲዮኑን ለሌሎች የሚይዝ ባንክ ወይም ሌላ ድርጅት ነው፤ ከጀርባ ያለው ትክክለኛው ባለቤት ሌላ ሊሆን ይችላል። የምትፈልገው የትኛውን እንደሆነ ለይተህ ጻፍ። አንዳንድ አክሲዮን ደግሞ ከሌላው የበለጠ ድምፅ ስላለው ድርሻውንና የድምፅ መብቱን ለየብቻ ጠይቅ፦ «ትልቁ ባለአክሲዮን 42 በመቶ ድርሻ እንዳለው ከሪፖርቱ አይቻለሁ። የድምፅ መብቱስ ያው 42 በመቶ ነው?»

የሁሉንም ባለአክሲዮን ስም ግን አትጠብቅ። ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግርህ ለሕዝብ የተገለጸውን ብቻ ነው፤ እሱም በየአገሩ ሕግ ከተወሰነ መጠን በላይ የያዙትን ነው። ስለዚህ «የትልልቆቹን ባለአክሲዮኖች ስምና ድርሻ» ብትል ይበቃል።