ፕሪሚየሙ እየገባ ሂሳቡ ሲቀንስ

ውድ ወጣቶች፣

እኔ በአሜሪካ የግብር ሂሳብ በመሥራት ዕድሜዬን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። የግብር ወቅት በደረሰ ቁጥር ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ብሮከሮቻችሁ የላኩላችሁን ወረቀት ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ዊል የሚባለው የኦፕሽን ስልት እየበዛ መጥቷል። ባለቤቶቹ በየወሩ ቋሚ ገቢ እንደሚያገኙ በልበ ሙሉነት ይነግሩኛል፤ ወረቀቱን ስደምር ግን ብዙ ጊዜ የማገኘው ሌላ ነው። ይህን የምጽፍላችሁ ስልቱን ላስጥላችሁ ብዬ አይደለም። ገንዘቡ ድምፅ ሳያሰማ የሚወጣበትን ቦታ እንድታውቁት ስለምፈልግ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ላስታውሳችሁ። መጀመሪያ ፑት ትሸጣላችሁ። ፑት የሸጠ ሰው የአንድን ድርጅት 100 አክሲዮን አስቀድሞ በተወሰነ የውል ዋጋ ለመግዛት ግዴታ ይገባል፤ ለዚህም ፕሪሚየም የሚባል ክፍያ ወዲያው ይቀበላል። ለግዢው የሚያስፈልገው ገንዘብ በሙሉ በሂሳቡ ውስጥ ተይዞ ይቆያል። የገበያው ዋጋ ከውሉ በላይ ሆኖ ቀኑ ካለፈ ሻጩ ፕሪሚየሙን ይዞ እንደገና ይሸጣል። ዋጋው ከወረደ ግን አክሲዮኑን ተረከብ ይባላል። ከዚያ በኋላ በተረከበው አክሲዮን ላይ ኮል ይሸጣል፤ ማለትም ዋጋው ከተወሰነ ደረጃ ካለፈ አክሲዮኑን በዚያ ዋጋ ለማስረከብ ይስማማል፣ አሁንም ፕሪሚየም ይቀበላል። አክሲዮኑ ሲወሰድበት ወደ ፑት ይመለሳል። እንዲህ እያለ ይዞራል።

ብዙዎች ይህን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች የሚፈራረቁበት ዑደት አድርገው ያዩታል። እውነቱ ግን ሥራው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። አክሲዮን ይዞ በ38 ዶላር ኮል መሸጥና ጥሬ ገንዘብ ይዞ በ38 ዶላር ፑት መሸጥ፣ ከወለድና ከትርፍ ድርሻ ጥቃቅን ልዩነት በስተቀር፣ ትርፋቸውም ኪሳራቸውም አንድ ነው። በሁለቱም ዋጋው የቱንም ያህል ቢወጣ የምታገኙት የተወሰነ ነው፤ ቢወርድ ግን ውድቀቱን ሙሉ በሙሉ ትሸከማላችሁ። ፑት የሚሸጥ ሰው በተግባር ለሌላው ሰው የመድን ዋስትና እየሸጠ ነው፤ አደጋው ከደረሰ በኋላም ኮል ሲሸጥ የሚያደርገው ያንኑ ነው። የስሙ መቀየር የተሸከመውን አደጋ አይቀይረውም።

ኢንቴልን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2024 ገበያው ሲዘጋ አክሲዮኑ 29.05 ዶላር ነበር። ድርጅቱ የዚያን ዕለት ማምሻውን የሩብ ዓመት ውጤቱን አሳወቀ፤ የትርፍ ድርሻ መክፈሉን እንደሚያቋርጥም ተናገረ። በማግስቱ አክሲዮኑ በአንድ ቀን 26 በመቶ ወርዶ በ21.48 ዘጋ። ፑት በ28 ዶላር የሸጠ ሰው 21.48 የሚያወጣውን በ28 የመግዛት ግዴታ ነበረበት፤ በአንድ ውል 652 ዶላር ማለት ነው። ከተቀበለው ፕሪሚየም በቀር ይህን የሚጋራው የለም። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ መስከረም 18 ቀን 2025፣ ኤንቪዲያ በኢንቴል ላይ 5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያፈስ ተሰማና አክሲዮኑ በአንድ ቀን 23 በመቶ ገደማ ዘሎ በ30.57 ዘጋ። ቀደም ባለው ቀን ዋጋው 24.90 ነበር። በ26 ዶላር ኮል ሸጦ የጠበቀ ሰው ከዚህ ዝላይ የሚደርሰው እስከ 26 ድረስ ያለው ብቻ ነው። በወረደበት ቀን ሙሉውን የተሸከመ ሰው በወጣበት ቀን አብዛኛውን ለሌላ ሰጠ።

አሁን ይህ በሂሳብ መዝገብ ላይ እንዴት ተደብቆ እንደሚያልፍ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹን ለመከተል እንዲቀል እኔ የመረጥኳቸው ናቸው፤ ቅርጹ ግን በየዓመቱ በጠረጴዛዬ ላይ የማየው ነው። አክሲዮኑ 50 ዶላር ነው። አንዲት ወጣት በ48 ዶላር የአንድ ወር ፑት ሸጠች፣ 100 ዶላር ተቀበለች። ለሦስት ወር ተሳካላት፤ 300 ዶላር። በአራተኛው ወር ደግሞ 100 ዶላር ተቀበለችና አክሲዮኑ ወደ 36 ወደቀ። በ4,800 ዶላር ተረከበች፤ የያዘችው አሁን 3,600 ነው የሚያወጣው። በ48 ኮል ልሽጥ ብትል የሚሰጣት አሥር ዶላር ገደማ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ርቀት ተመልሶ ይወጣል ብሎ የሚከፍል የለም። የወር ገቢዋ እንዳይቋረጥ ስለፈለገች በ38 ሸጠች፣ 120 ዶላር ተቀበለች። አክሲዮኑ በዚያው ወር ወደ 46 አገገመና በ38 ተወሰደባት። እንደገና በ44 ፑት ሸጠች፣ 100 ዶላር አገኘች፤ አክሲዮኑም ወደ 50 ተመለሰ።

ስድስት ጊዜ ሸጣለች፣ ስድስቱንም ጊዜ ፕሪሚየሙ ሙሉ በሙሉ የእርሷ ሆኗል፤ ድምሩ 620 ዶላር። ስልኳ ላይ የምታየው ይህንን ነው። ነገር ግን በ4,800 የገዛችውን በ3,800 አስረክባለች። 1,000 ዶላር ከ620 ሲበልጥ ልዩነቱ 380 ዶላር ኪሳራ ነው። አክሲዮኑ በተነሣበት ቦታ ላይ ነው ያለው። መጀመሪያ ላይ 100 አክሲዮን በ50 ገዝቶ የተቀመጠ ጎረቤቷ አንድም ሳንቲም አላጣም።

እዚህ ላይ የሂሳብ ሰው እንደመሆኔ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ብዙዎቻችሁ የተቀበላችሁትን ፕሪሚየም ሁለት ጊዜ ትቆጥሩታላችሁ። በአንድ በኩል «በዚህ ሩብ ዓመት 400 ዶላር አገኘሁ» ትላላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም አውጥታችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። በሌላ በኩል «በ48 የገዛሁት አክሲዮን አሁን 44 ነው የቆመብኝ» ትላላችሁ። ያው 400 ዶላር ነው። ወይ ገቢ ነው፣ ወይ የግዢ ዋጋ ቅናሽ ነው፤ ሁለቱንም ሊሆን አይችልም። በእንዲህ ያለ አቆጣጠር በ44 ኮል መሸጥ ምንም የማያስከፍል ይመስላል፤ ገንዘቡ ግን ቀድሞ ወጥቷል።

መፍትሔው አንድ ቁጥር ነው። በጀመራችሁበት ቀን የሂሳባችሁን ጠቅላላ ዋጋ፣ ጥሬ ገንዘቡንና አክሲዮኑን ደምራችሁ የተሸጠውን ኦፕሽን የዕለት ዋጋ ቀንሳችሁ፣ ጻፉ። ከጎኑ የአክሲዮኑን ዋጋ፣ ከእርሱም አጠገብ የአንድ ሰፊ የኢንዴክስ ፈንድ ዋጋ ጻፉ። በየወሩ መጨረሻ ሦስቱን መልሳችሁ ጻፉ። ፕሪሚየም የሚባል ዓምድ በዚህ ገጽ ላይ አያስፈልግም፤ ያለው ሁሉ በጠቅላላው ውስጥ ነው።

አክሲዮኑን ከተረከባችሁ በኋላ ደግሞ «ከገዛሁበት በታች ኮል ልሽጥ ወይስ አልሽጥ?» ብላችሁ አትጨነቁ። ገበያው እናንተ በስንት እንደገዛችሁ አያውቅም። ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ ዛሬ አክሲዮን ባይኖረኝ፣ 3,600 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ብቻ ቢኖረኝ፣ በዚህ ድርጅት ላይ በ38 ፑት እሸጥ ነበር? መልሳችሁ አዎ ከሆነ ኮሉን ሽጡ፤ ቀደም ብዬ እንደነገርኳችሁ ሁለቱ አንድ ናቸው። ድርጅቱ ያገግማል ብላችሁ ከልብ ካመናችሁ ደግሞ አክሲዮኑን ያለ ኮል ያዙት፤ የማገገሙን ትርፍ በ120 ዶላር አትሽጡት። ሁለቱም ካልሆነ ሽጡና ውጡ። አብዛኛው ሰው ግን አራተኛውን ይመርጣል፤ በ48 አሥር ዶላር እየለቀመ ለዓመታት ይቆያል፣ ያ ሁሉ ገንዘብም ለሌላ ሥራ ሳይውል ታስሮ ይቀራል።

ፕሪሚየሙ ወፍራም የሆነውን አክሲዮን መምረጥም ከዚህ አያድናችሁም። ፕሪሚየም የሚወፍረው ገበያው ትልቅ እንቅስቃሴ ሲጠብቅ ነው፤ በተለይ የሩብ ዓመት ውጤት የሚገለጽበት ቀን ከውሉ ማብቂያ በፊት ሲውል። የኢንቴልን ውድቀት ያመጣው እንዲህ ያለው ምሽት ነበር። በበኩሌ የውጤት ቀን በመካከሉ ያለበትን ውል አለመሸጥን እመክራለሁ።

«እንግዲያው በአንድ ድርጅት ፋንታ በመላው ገበያ ላይ ልሥራው» የሚሉኝ አሉ። ይህ የአንዱን ድርጅት አደጋ ይቀንሳል፤ ቅርጹን ግን አይለውጥም። በ2020 ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከየካቲት 19 እስከ መጋቢት 23 ድረስ 34 በመቶ ገደማ ወድቆ፣ ነሐሴ 18 ላይ አዲስ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ዘጋ። ያንኑ ገበያ ይዞ በየወሩ በዕለቱ ዋጋ አካባቢ ኮል የሚሸጥ ስልትን የሚለካ ቢኤክስኤም የተባለ መለኪያ አለ። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ያን ዓመት የትርፍ ድርሻን ጨምሮ ከ18 በመቶ በላይ አድጎ ሲጨርስ፣ ቢኤክስኤም ከጀመረበት ዝቅ ብሎ ጨረሰ። ገበያው ብዙ በማይንቀሳቀስበት ወይም ቀስ ብሎ በሚወጣበት ዓመት ግን ስልቱ በእርግጥ ይከፍላል፤ ይህን አልክድም። የሚጎዳው በፍጥነት ወድቆ በፍጥነት በሚነሣ ዓመት ነው።

የቀረው የግብሩ ጉዳይ ነው፤ ይህም በአሜሪካ ለምትኖሩት ነው። ተጠቃሚ ሳያገኝ ያለፈ ኦፕሽን ፕሪሚየም እንደ አጭር ጊዜ ትርፍ ይቆጠራል፤ እንደ ደመወዛችሁ ይከፈልበታል። ዓመቱ ሲያልቅ አክሲዮኑ በእጃችሁ ሆኖ ዋጋው ከወረደ፣ ኪሳራው ስላልተሸጠ አይታሰብም፤ ፕሪሚየሙ ግን ይታሰባል። ሂሳባችሁ በቀነሰበት ዓመት ግብር ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ሸጣችሁ ኪሳራውን ብታሳዩም፣ ከሌላ የካፒታል ትርፍ የተረፈውን ከደመወዝ ላይ መቀነስ የምትችሉት በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ብቻ ነው፤ ቀሪው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። በተለይ ይህን አስተውሉ፦ አክሲዮኑ በ38 በኪሳራ ተወስዶባችሁ በ30 ቀን ውስጥ በአዲስ ፑት ያንኑ አክሲዮን መልሳችሁ ከተረከባችሁ ኪሳራው ለጊዜው አይፈቀድላችሁም፤ በአዲሱ አክሲዮን ዋጋ ላይ ይታከላል። ዊል በተፈጥሮው እንዲህ ያለውን መመላለስ ይወዳል። ስለዚህ በኪሳራ ከተወሰደባችሁ በኋላ በዚያው ድርጅት ላይ ፑት ከመሸጣችሁ በፊት ከ30 ቀን በላይ ጠብቁ፤ በታኅሣሥ ከሆነ ደግሞ ቀኑን በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉበት።