የወንድሜን የመጠጥ ዕዳ ማን ይክፈል?

ጥያቄ፦ «ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ቀን ይቅማል፣ ማታ ጠጥቶ ይገባል። የግሮሰሪ ዕዳውን እናቴ ከጡረታዋ ትከፍላለች። አሁን ደግሞ የቤት ዕቃ መሸጥ ጀምሯል። ብንተወው ይሞትብናል፣ ብንረዳው ይብስበታል። ድሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ምን አደረጋችሁ?»

እህቴ፣ የኛም ቤት ሳቢያን ነው። የኔም ታላቅ ወንድም ከእማዬ ጋር ነበር የሚኖረው። የሰው ባጃጅ ይነዳል፣ ማታ ማታ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባል። ከሰዓት በርጫ፣ ሲመሽ ጨብሲ። ድሬ ላደገ ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

መጀመሪያ የገንዘቡን መንገድ ልንገርሽ፤ እኛ ቤት ነገሩ የተቋጠረው እዚያ ነበር። ግሮሰሪው በዱቤ ያጠጣዋል። ወር ሲያልቅ ባለቤቱ ደብተሩን ይዞ እማዬ በር ላይ ይቆማል። እማዬ ጎረቤት እንዳይሰማ ብላ ትከፍላለች። ጠዋት መነሳት ሲያቅተው ለባጃጁ ባለቤት ደውላ «ወባ ይዞታል» ትላለች፣ የቀኑንም ገቢ ከዕቁቧ ቆርሳ ትልካለች። እስቲ ከሱ ቦታ ሆነሽ እዪው። ማታ ጠጣ፤ ጠዋት ዕዳ የለም፣ ሥራው አለ፣ ክብሩም አለ። የመጠጡን ሂሳብ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ለምን ይተዋል?

ሽማግሌ ተልኮ ነበር። አጎታችን፣ የንስሐ አባቱና ሁለት ጎረቤቶች ቁጭ አድርገው መከሩት፤ አለቀሰ፣ ማለ። ሳምንቱ ሳያልቅ ሰክሮ ገባ። በኋላ ያገኘነው የአእምሮ ህክምና ነርስ ይሄ አልገረመውም። ሰውን ከብበው ሲያፋጥጡት ያፍራል፣ ያፈረ ሰው ደግሞ እፍረቱን የሚያጠፋበትን ያውቃል አለን። በፈረንጆች 1999 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናትም ጠቀሰልን። ሐኪም ቤት አልሄድም ያሉ ጠጪዎችን ቤተሰቦች በተለያየ መንገድ አሰለጠኗቸው። ተሰብስበው ጠጪውን እንዲያፋጥጡ ከተዘጋጁት ውስጥ ሰውየውን ለህክምና ያበቁት ከመቶ 30 ያህሉ ናቸው። በየቀኑ ቤት ውስጥ የሚያደርጉትን ነገር እንዲቀይሩ ከተማሩት ግን 64 ያህሉ። እኛን ያስተማረን ይሄንን ሁለተኛውን ነው።

ነገሩ ሲጠቀለል፣ ለመጠጡና መጠጡ ላመጣው ጣጣ አትክፈሉ፤ ለምግብና ለህክምና ግን ክፈሉ። ስታወሪው ቀላል ነው፣ ስትሠሪው ግን ልብ ያደርቃል።

አጎታችንና እኔ በቀን፣ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ግሮሰሪው ጋር ሄድን። አልተቆጣንም። «እስከ ዛሬ ያለውን ዕዳ ራሱ ይከፍልሃል። ከዛሬ ጀምሮ እናታችን አንድ ብር አትከፍልም፤ ብታበድረው በራስህ ኃላፊነት ነው» አልነው። ሰውየው አኮረፈ፣ ዱቤውን ግን አቆመ። ነጋዴ እኮ የሚያበድረው የሚከፍለው ሰው ስላየ ነው። ለባጃጁ ባለቤትም መዋሸት ቀረ። እማዬ ሁለተኛ ሲደውል «እሱ ራሱ ያናግርህ» ብላ ስልኩን ወንድሜ ራስጌ አስቀመጠችው። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቱ ቁልፉን ተቀበለው። እማዬ ያን ቀን ስታለቅስ ዋለች። እኔ ግን፣ አቦ እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንፋሼ ነው የተመለሰው። በሃንጎቨር ሦስት ሰው ጭኖ ከዚራ ላይ ሲበር እያሰብኩ እንቅልፍ አልነበረኝም።

አሁን የሚበላሽበትን ቦታ ልንገርሽ። አንዱ በር ሲዘጋ ሰውየው ሌላ ያንኳኳል። መጀመሪያ ቁጣ መጣ። ቀጥሎ የጋዝ ሲሊንደሩ ከቤት ጠፋ። ከዚያ ሁሉም ነገር ድንገት ጸጥ አለ። ተሻለው ብለን ደስ ሲለን ለካ ጅቡቲ ያለችው እህታችን ጋር እየደወለ ነው። «እማዬ ምግብ ከለከለችኝ» ይላታል፤ እሷም በሰው በኩል በቴሌብር ታስልክለታለች። ሥራም ዱቤም የሌለው ሰው ጠጥቶ ከገባ የሆነ ቦታ የሚከፍልለት አለ ማለት ነው። ፈልጉት። ብዙ ጊዜ ራቅ ያለውና አንጀቱ የማይችለው ዘመድ ነው። እህታችንን ቁጭ ብዬ በስልክ አስረዳኋት። መላክ ከፈለገች የመብራቱንና የቤት ኪራዩን በቀጥታ እንድትከፍል፣ ወይም ለህክምናው እንድታስቀምጥ ተስማማን። ጥሬ ገንዘብ በእጁ አይገባም። ሁላችንም የምንለው ነገርም አንድ ሆነ፦ «ዕዳህን አልከፍልም። ሐኪም ጋር እንሂድ ካልክ ግን ዛሬውኑ አብሬህ እሄዳለሁ።» ስድብና ያለፈ ታሪክ አይጨመርበትም። የሚባለውም ጠዋት፣ ሰውነቱ ሲረጋጋ፣ ጫት ሳይዝ ነው። ማታ ለሰከረ ሰው ምክር መስጠት ለራስሽ ድካም ነው።

ማታስ ምን ይደረግ? ጠጥቶ ሲገባ ክርክር የለም። ምግቡ ተከድኖ ይቀመጥለታል፣ ሁሉም ወደ መኝታው ይሄዳል። ልብሱን አታጥቢለት፣ የሰበረውንም አትልቀሚለት፤ ጠዋት ራሱ ይየው። ነገር ግን ተዘርሮ ካገኘሽው በጎኑ አስተኚው፣ ትውከቱ እንዳያንቀው። ቀስቅሰሽው ካልነቃ፣ ወይም ትንፋሹ እየራቀ ከሄደ ሳትጠብቂ ሆስፒታል ውሰጂው። ነፍሱን ማዳን መጠጡን ማገዝ አይደለም፣ ሁለቱን አታምታቺ። እጁን የሚያነሳባችሁ ከሆነ ደግሞ ይሄ ሁሉ ዘዴ ይቆይ፤ መጀመሪያ እናትሽ ዘመድ ቤት ትደር፣ ለፖሊስም ይነገር።

ያልጠጣበትን ቀን ግን እንደ ተራ ቀን አታሳልፉት። እኛ ቤት የሠራው ይሄ ነው። ነርሱ «ከመጠጡ በፊት ያለውን ሰዓት ንገሩኝ» አለን። ቆጠርነው። ከ8 ሰዓት እስከ 11 ይቅማል። ጫቱ ልቡን ያነቃዋል፣ እንቅልፍ የለም። ምርቃናውን ካልሰበረ አይተኛም፣ የሚሰብረው ደግሞ በመጠጥ ነው። እንግዲህ መጠጡን ብቻ ተው ማለት ሌሊቱን ሙሉ አፍጥጠህ እደር ማለት ነው። ስለዚህ ጦርነቱን ከማታ ወደ ከሰዓት አዞርነው። የአጎቴ ልጅ 10 ሰዓት ላይ ሥራ ሲጨርስ በርጫው ሳይረዝም ያወጣዋል፤ አብረው ኳስ ያያሉ ወይም በእግራቸው ዞር ዞር ይላሉ። ሳይጠጣ በገባ ማታ እማዬ አብራው ትበላለች፣ ቡና ይፈላል፣ ጨዋታ አለ። ጠጥቶ ሲመጣ ይሄ ሁሉ የለም። ቅጣት ብለን አላወራንበትም፤ እሱ ግን ልዩነቱን አየው።

ከሁሉ በላይ እንዳታልፊው የምለምንሽ የሚቀጥለውን ነው። ወንድምሽ ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል? እንዲረጋጋ አንድ መለኪያ አረቄ ይፈልጋል? እንደዚያ ከሆነ ሰውነቱ ለምዶታል ማለት ነው። በጭራሽ ቤት ቆልፋችሁ «ዛሬ ተው» አትበሉት። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማስመለስ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ የት እንዳለ አያውቅም። ካልታከመ ይገድላል። በድሬ ሙቀት ላይ ማስመለሱና ላቡ ሲጨመር ሰውነት ቶሎ ይደርቃል።

ይሄን የምለው ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦችን ስለማውቅ ነው። ጠበሉን አልነቅፍም፣ ወንድሜም ተጠምቋል። ግን ሰውየው መጠጡን በአንድ ጊዜ አቁሞ፣ ጾሞ፣ በሁለተኛው ቀን ሲወድቅና ሲለፈልፍ «መንፈሱ ጮኸ» ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው መጠጥ የተቋረጠበት አንጎል ነው። መጀመሪያ ሐኪም ሰውነቱን ያረጋጋው፣ ከዚያ በእምነቱ ይበርታ።

ህክምናው ውስብስብ አይደለም። ለወንድሜ ዲያዜፓም ታዘዘለት፤ መጠኑ በየቀኑ እየተቀነሰ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ያቆማል። ክኒኑ እማዬ እጅ ነበር፣ ምክንያቱም እሱ ራሱ ሱስ ያስይዛል፣ ከመጠጥ ጋር ከተወሰደ ደግሞ ትንፋሽ ያቆማል። ቢ ዋን የሚባለው ቫይታሚንም በመርፌ ተሰጠው። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። እኛ ሰፈር ሰው ሲደክም ክሊኒክ ወስዶ «ግሉኮስ ይተከልለት» ማለት ልማድ ነው። ብዙ የጠጣና ምግብ ያልበላ ሰው ቢ ዋን ሳያገኝ ግሉኮስ ቢተከልለት አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ «ጠጪ ነው፣ ቢ ዋን ተሰጥቶታል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። አትፈሪ፤ የሚሠሩትን የሚያውቁ ሰዎች በዚህ አይቆጡም።

ወንድሜ «ደክሞኛል፣ ውሰዱኝ» ያለው ባጃጁ ከተወሰደበት ከወራት በኋላ ነው፣ አንድ ጠዋት። ዕድለኞች ስለነበርን ሳይሆን ቀድመን ስለጠየቅን ክፍሉን፣ የሥራ ቀኑንና የሚከፈለውን እናውቅ ነበር፤ በዚያው ሰዓት ሄድን። እንዲህ ያለ ስሜት ከሰዓት ድረስ ላይቆይ ይችላል። ከዚያ ወዲህ አንዴ በመስቀል ሰሞን ተመልሶ ጠጥቷል። ነርሱ ቀጠሮውን አቀረበለት እንጂ አላባረረውም፣ እኛም ያንን ዕዳ አልከፈልንም።

ስለዚህ እሱ እሺ እስኪል ሳትጠብቂ አንቺ ብቻሽን ቀድመሽ የመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል ሄደሽ ጠይቂ። በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፦ በቀን ምን ያህልና ምን እንደሚጠጣ፣ ጠዋት ይጠጣ እንደሆነ፣ መጠጥ ሲያጣ ወድቆ ወይም ቃዥቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ጫቱን፣ የሚወስደውን ሌላ መድኃኒት። በሚሄድበት ቀን ደግሞ መጨረሻ የጠጣበትን ሰዓት ጨምሪበት፤ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።